ከንፋስና ዝናብ በኋላ የጠፋ ቻናል፦ ኤልኤንቢ ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄ፦ «ትናንት ማታ ከባድ ንፋስና ዝናብ ነበር። ጠዋት ስከፍት የኢትዮሳት ቻናሎች በሙሉ የሉም። ናይልሳት ግን ይሰራል። ሪሲቨሩ ስትሬንግዝ 78፣ ኳሊቲ 0 ይላል። ኤልኤንቢ ልቀይር ወይስ ሌላ ችግር ነው?»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። እኔ ብገምት ዲሹ ዞሯል። ዲሹ ፊት ለፊት የተተከለው ኤልኤንቢ መብራት ካገኘና ኬብሉ ደህና ከሆነ፣ ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየም ስትሬንግዝ ከፍ ሊል ይችላል። ኳሊቲ ግን ትክክለኛው ሳተላይት ካልተገኘ አይነሳም።

ግምቴን ግን አጣራው። ሪሲቨሩን አጥፋ፣ ኬብሉን ንቀል፣ መልሰህ አብራ። ያለ ኬብልም 78 ካለ ቁጥሩን እርሳው፤ እንዲህ የሚዋሹ ሪሲቨሮች አሉ። ከወረደ ግን ላይ ያለው ኤልኤንቢ በሕይወት አለ ማለት ነው። እስከዚያው ሰርች አታድርግ፤ ሲግናል በሌለበት ሰርች ስታደርግ የቻናል ዝርዝሩ ሊጠፋብህ ይችላል።

ናይልሳት ስለሚሰራ ስዊቹንም ተመልከት። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ፣ ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ ሁለት ዲሽ ነው ያለህ፤ ኬብሎቹም ዳይሴክ ስዊች ላይ ይገናኛሉ። ሪሲቨሩን አጥፍተህ የኢትዮሳቱን ኬብል ያለ ስዊች በቀጥታ ሰካው፤ ሜኑው ላይ ዳይሴኩን ኦፍ አድርግ። ምስል ከመጣ የሞተው ስዊቹ ነው። ውጭ ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ስዊች ዕድሜ የለውም።

ካልመጣ ወደ ጣሪያ ነው። ቆርቆሮው ይድረቅ፤ የመብራት ሽቦ በቅርብ ካለ ደግሞ አትውጣ። ቦታው ላይ ስትደርስ ምንም ሳትነካ የቆመውን ብረት እይ። ንፋስ አብዛኛውን ጊዜ ዲሹን የሚያዞረው በብረቱ ዙሪያ ነው። ማቀፊያው የነበረበት ቦታ ላይ የተፋቀ ቀለም ወይም የዝገት መስመር ይታያል። ከዚያ ከተንሸራተተ መመለሻህን አገኘህ። ብረቱ ራሱ ከግድግዳው ላልቶ ካዘመመ ግን መጀመሪያ እሱን አቅና፤ ያለዚያ ዲሹን ብታስተካክለውም በሚቀጥለው ንፋስ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ጠርዙ ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ቢገፋ ከ1 ዲግሪ በላይ ዞሯል፤ ምስል ለማጥፋት ያ ይበቃል። ስለዚህ ብሎኑን ዲሹ በጭንቅ እስኪንቀሳቀስ ብቻ አላላ። አንድ ሰው ቲቪው ጋ ሆኖ ኳሊቲውን በስልክ ይንገርህ። ዲሹን ትንሽ ገፋ አድርገህ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቅ፤ ሪሲቨሩ ቶሎ አይናገርም። ኳሊቲው ወጥቶ መውረድ እስኪጀምር እለፍ፣ ከዚያ ተመልሰህ መካከሉ ላይ አቁም። የላይና ታች ብሎኑን፣ የነበረበት ምልክት ካልተንቀሳቀሰ አትንካው። ስታጠብቅም ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ፤ አንዱን ጎን ብቻ ብታጠብቅ ይጎትተዋል።

ኳሊቲው ከበፊቱ ካነሰ ኤልኤንቢውን መያዣው ውስጥ ቀስ ብለህ አዙር። እኛ አገር ኤልኤንቢ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ዘንበል ይላል። መያዣው ላልቶ ከዞረ ዲሹ ትክክል ሆኖም ኳሊቲ ይወርዳል።

አሁን ያንተ ባይሆንም፣ ስትሬንግዝም ኳሊቲም የሚወርድባቸው ሰዎች ይህን ይዩ። ዝናቡ ሲበረታ ጠፍቶ ሲያባራ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ ጥፋቱ የዝናቡ ነው፤ ነገር ግን በጥቂት ዝናብም የሚጠፋ ከሆነ ዲሹ መካከሉ ላይ አይደለም ወይም ትንሽ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ጠፍቶ ቆይቶ ፀሐይ ሲወጣ የሚመለስ ከሆነ ውሃ ገብቷል። አንድ ጎረቤቴ እንዲህ እየሆነበት ኤልኤንቢ አስቀይሮ ነበር፤ አልዳነም። ኤልኤንቢው ላይ የሚጠመደውን ኮኔክተር ስንፈታው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፣ የብረት መረቡም ጠቁሯል። በላዩ የተጠቀለለው ፕላስተር ውሃውን ይዞት ነበር። ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ቆርጠን አዲስ ኮኔክተር አሰርንለት፤ ኬብሉንም ወደ ታች ዘንበል ያለ ቀለበት ሠራንለት፣ ውሃው ከታች እንዲንጠባጠብ። ቀጥሎ ባለው ዝናብ አልጠፋበትም።

ኬብሉን የምትጠራጠሩ ከሆነ ሪሲቨሩንና ትንሽ ቲቪ ጣሪያው አጠገብ አውጡና በአጭር አዲስ ኬብል ከኤልኤንቢው ጋር አገናኙ። በአጭሩ ከሠራ ረጅሙ ኬብል ተበላሽቷል። ካልሠራና ዲሹ ልክ ከሆነ፣ ወይም በአጭሩ ኬብልም ኤች የተጻፈባቸው ቻናሎች ብቻ ጠፍተው ቪ የተጻፈባቸው ከሠሩ፣ ያኔ ኤልኤንቢ ይቀየራል። ክዳኑ በፀሐይ ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ውሃ ሳይገባበት አልቀረም።