ማርስና ሳተርን በሸሪኮች መሃል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የካቲት 13 ቀን 1985 ተወለድኩ። ጓደኛዬ ጥቅምት 10 ቀን 1982። ሁለታችንም አዲስ አበባ። ዳቦ ቤት ልንከፍት ነው። የልደት ኮከብ ቻርታችንን ጎን ለጎን ሳየው የእኔ ማርስ ከእሷ ሳተርን ፊት ለፊት ተቀምጧል። ልተወው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አትተዪው! ግን ረጋ ብለን እንየው። ቀኖቹ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 20፣ 1993 እና ኦክቶበር 20፣ 1989 ናቸው። ያንቺ ማርስ ሸርጣን ላይ ነው፣ ከ8 እስከ 9 ዲግሪ መሃል። የእሷ ሳተርን ትክክል ትይዩው ጀዲ ላይ፣ እሱም 8 ዲግሪ አካባቢ። ልዩነታቸው ከ1 ዲግሪ አያልፍም። በጣም የጠበቀ ነው፣ ስለዚህ ማየትሽ ትክክል ነው።

በሽርክና መጀመሪያ የምጠይቀው «ማርሱ የማን ነው? ሳተርኑስ የማን?» ብዬ ነው። ማርስ ያለው ሰው ይነሳል፣ ይጀምራል። ሳተርን ያለው ሰው ይጠይቃል፤ «ስንት ነው? በማን ብር? ባይሳካስ?» ይላል። እዚህ ላይ የምትነሺው አንቺ ነሽ፣ የምትጠይቀው እሷ ናት። ዳቦው ተፈልጎ ሰው ተሰልፎ ሲመለስ አንቺ «ሁለተኛ ምድጃ እንግዛ» ትያለሽ። እሷ «የመጀመሪያው ዕዳ ሳያልቅ?» ትላለች። ሳተርን ጀዲ ላይ በራሱ ቤት ስለሆነ ደግሞ ባዶ እጇን አትከራከርም። ሂሳቡን ጽፋ ነው የምትመጣው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሸርጣን ላይ ያለ ማርስ ፊት ለፊት አይጋጭም፣ ያኮርፋል። «እሺ» ብለሽ ትወጪና በሦስተኛው ቀን ሳትነግሪያት ዱቄት በዱቤ ታስመጫለሽ። እሷ ደረሰኙን መሳቢያ ውስጥ ታገኘዋለች። ዳቦ ቤቱን የሚጎዳው በምድጃው መከራከራችሁ አይደለም፣ ይሄ ደረሰኝ ነው።

አሁን ገልብጠሽ እዪው። ብዙ ሰው አንዱን አቅጣጫ አይቶ ይዘጋል። የእሷ ማርስ ሚዛን 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያንቺ ሳተርን ደለዊ 21 አካባቢ። በመሃላቸው 120 ዲግሪ አለ፣ ጥሩ ግንኙነት ነው። እሷ ስትጀምር ደጋፊዋ አንቺ ነሽ ማለት ነው። ሚዛን ላይ ያለ ማርስ የሚሠራው ሰው በማነጋገር ነው። ሆቴሎችንና ካፌዎችን ዞራ ትዕዛዝ የምታመጣው እሷ ትሁን። ዳቦው በሰዓቱ መድረሱን የምትቆጣጠሪው አንቺ።

ለምድጃው ነገር ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር በስምምነታችሁ ውስጥ አስገቡ። አንደኛው፣ ከዚህ መጠን በላይ የሆነ ወጪ ያለሁለታችሁ ፊርማ አይወጣም። ሁለተኛው፣ አንዷ ሐሳብ በጽሑፍ ካቀረበች ሌላዋ በሳምንት ውስጥ መልስ ትሰጣለች፣ «አይሆንም» ካለችም ምክንያቷን ትጽፋለች። የመጀመሪያው ያንቺን ማርስ ይገድባል። ሁለተኛው የእሷን ሳተርን። ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጽፎ ይረሳዋል። ያኔ ባለ ሳተርኗ ዝም በማለት ብቻ ሁሉን ነገር ማቆም ትችላለች።

ጥያቄ፦ እኔ እስከማውቀው ሳተርን ከባድ ኮከብ ነው፣ የነካውን ያደርቃል። ልጅቷን አይዞሽ ማለት ልክ አይደለም። 120 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ግን ችግር አልነበረውም።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነህ። ሳተርን ያዘገያል፣ ይህ እውነት ነው። «120 ከሆነ ሰላም ነው» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ሁለት የታወቁ ሽርክናዎችን ላሳይህ።

ዋረን ባፌት ኦገስት 30፣ 1930 ተወለደ። ማርሱ ሸርጣን መግቢያ ላይ ነው፣ 1 ዲግሪ አካባቢ። ቻርሊ ማንገር ጃንዋሪ 1፣ 1924፣ ሳተርኑ አቅራብ መግቢያ ላይ። በመሃላቸው 120 ዲግሪ፣ በጣም የጠበቀ። የባፌት የራሱ ሳተርን ደግሞ ጀዲ 5 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ከራሱ ማርስ ጋር ፊት ለፊት ነው። ሰውየው በራሱ ውስጥ የሚነሳና የሚጠይቅ ይዞ ነው የተወለደው። የማንገር ሳተርን ሁለቱንም በቀና ይነካል። በፈረንጅ በ1959 ኦማሃ ተዋወቁ፣ ማንገር ከ1978 ጀምሮ የባፌት ኩባንያ የበርክሻየር ሃታዌይ ምክትል ሊቀመንበር ነበር፣ በ2023 እስኪሞት አብረው ቆዩ። ባፌት የማንገር ዋና ሥራ «አይሆንም» ማለት እንደሆነ በአደባባይ ይቀልድበት ነበር።

አሁን ሌላውን እይ። ፖል አለን ጃንዋሪ 21፣ 1953፣ ማርሱ ሑት መሃል፣ 17 ዲግሪ አካባቢ። ቢል ጌትስ ኦክቶበር 28፣ 1955፣ ሳተርኑ አቅራብ ከ21 እስከ 22። ይሄም 120 ነው፣ ትንሽ ላላ ያለ፣ 4 ወይም 5 ዲግሪ ይዛነፋል፤ እኔ ከ5 በላይ ከተዛነፈ አልቆጥረውም። በ1975 ማይክሮሶፍትን ጀመሩ። ድርሻው መጀመሪያ 60 ለ40 ሆነ፣ ኋላ ጌትስ 64 ለ36 አስደረገው። አለን በ1983 ወጣ። ታሞም ነበር፣ ግን የድርሻው ነገር ቅሬታ ትቶበት እንደነበር ራሱ ጽፏል።

ያው 120 ዲግሪ ነው። አንዱ ጋር «አይሆንም» የሚለው ሰው ስለ ሥራው ነበር የሚለው። ሌላው ጋር ባለ ሳተርኑ የድርሻውን መጠን ወሰነ፣ ባለ ማርሱ ደግሞ ሳይጣላ ተቀበለ። የ120 ችግሩ ይሄ ነው፤ ነገሩ ሳይጎረብጥ ያልፋል፣ ሰው የሚነቃው ዘግይቶ ነው። ፊት ለፊት ወይም 90 ዲግሪ ቢሆን በመጀመሪያው ወር ይጨቃጨቁ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴም ይሄው ማርስና ሳተርን አለን። የእሱ ሳተርን በእኔ ማርስ ላይ ነው። ስናገር ዝም ይለኛል። ለዚህ ነው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ለትዳር እኔ መጀመሪያ የማየው ጨረቃንና ቬነስን ነው። ዛሬ የያዝነው የገንዘብ ሽርክና ስለሆነ በሌላ ቀን ብንመለስበት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቆይ፣ ሱቁንም እኮ አብረን ነው የምንሠራው!

መልስ፦ እንግዲያውስ ይመለከትዎታል። ሳተርኑ በማርስዎ ላይ ቁጭ ካለ እርስዎ ሥራ ሲይዙ ከኋላ ሆኖ የሚያይ ሰው እንዳለ ይሰማዎታል። እሱ እያገዝኩ ነው ብሎ ያስባል። በተለያየ ሰዓት ሱቅ ግቡ፣ ሂሳቡን ደግሞ አመሻሽ ላይ አብራችሁ እዩ። ዝምታው ከዚህ ይሁን ከሌላ ግን ከሳተርን ብቻ ተነስቼ አልፈርድም።

ጥያቄ፦ እኔና ሸሪኬ የክፍል ጓደኞች ነን፣ እኩያ። ሳተርናችን አንድ ቦታ ነው። አስተሳሰባችን አንድ ነው ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ሳተርን በአንድ ኮከብ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል። ክፍላችሁ በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ሳተርን ነው ያላችሁ። ከእሱ ምንም አታነብም።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። ያንተ ማርስ የእሱን ሳተርን ከነካ፣ የራስህንም ይነካል፣ ያው ቦታ ስለሆነ። «ሸሪኬ ይዞኛል» የምትለው ነገር ካንተው ጋር የተወለደ ሊሆን ይችላል። ሸሪክ ብትቀይርም ይከተልሃል። ሌላው፣ ሳተርን ተመልሶ የተወለዳችሁበት ቦታ ላይ የሚመጣው 29 ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። እኩያ ሸሪኮች ያን ወቅት በአንድ ላይ ያልፉታል። ሁለቱም ሲከብዳቸው የሚያረጋጋ ሰው አይኖርም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሶፍትዌር ሁለት የተለያየ ሳተርን ሰጠኝ። የቱን ልመን? የተወለድኩበትንም ሰዓት አላውቅም።

መልስ፦ ሶፍትዌሮቹ አልተጣሉም፣ አንዱ ላይ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር አስገብተሃል። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ሳተርንን ወደ 90 ዲግሪ ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች ላይ የውሸት 90 ይፈጠራል፣ እውነተኛውም ይጠፋል። መፈተኛው ቀላል ነው። በ1982 በእኛ አቆጣጠር የተወለደ ሰው ሳተርኑ ጀዲ ላይ መሆን አለበት። ሚዛን ካሳየህ ስህተቱ ተገኘ። ሰዓቱንም እንደዚሁ፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት እዚያ ላይ 9 ተብሎ ነው የሚገባው።

ሰዓት አለማወቅህ ለዚህ ሥራ ብዙም አይጎዳህም። ማርስ በቀን 1 ዲግሪ እንኳን አይሞላም፣ ሳተርን ከዚያም በጣም ያነሰ። ቤቶቹን ግን አትንካቸው። «ሳተርኑ በገንዘብ ቤቴ ገባ» የሚል ነገር ያለ ሰዓት ወሬ ነው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ግን ይሄ ሁሉ በሳይንስ ተረጋግጧል? ሰው ብሩን በዚህ ይወስናል?

መልስ፦ አልተረጋገጠም። እኔም ከላይ ሁለት ሽርክና ነው ያሳየሁት፣ በሁለት ምሳሌ ምንም አይረጋገጥም። ብር በቻርት አይወሰንም። የሸሪክህን የቀድሞ ዕዳ ጠይቅ፣ የመመስረቻ ጽሑፉን ጠበቃ ይየው። ቻርቱ የሚረዳው «ማን ይወስናል? ማን ያግዳል?» የሚለውን ጥያቄ ከመፈራረማችሁ በፊት ለማንሳት ነው። እሱን ያለ ቻርት ማንሳት የሚችል ሰው ቻርት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ እኔም ቻርት አያለሁ። እስከ 8 ዲግሪ መዛነፍ እቀበላለሁ፣ ጋሼ ለምን 5 ላይ ያቆማሉ?

መልስ፦ የሁለት ሰው ቻርት ሲደራረብ መስመሩ ይበዛል። በ8 ዲግሪ ከሄድኩ ብዙ ጥንዶች ላይ አንድ የማርስና ሳተርን ነገር አላጣም። አንተ በ8 አይተህ የተሳካልህ ካለ አልከራከርህም። እዚህ ላይ ከእኔ ጋር የማይስማሙ ጎበዞች አሉ።

ጥያቄ፦ የዳቦ ቤቷ ነኝ። ለጓደኛዬ አነበብኩላት፣ «ደረሰኙ» ላይ ስትደርስ ሳቀች። መቼ እንጀምር?

መልስ፦ ሳቋ ጥሩ ነው፣ አስቀድማ ጠርጥራሽ ነበር ማለት ነው። ሳተርን ሐመል 8 ዲግሪ ላይ ሚያዝያ 2018 አጋማሽ አካባቢ ይደርሳል፣ ከዚያ አልፎ ይሄድና ወደ ኋላ ተመልሶ ታኅሣሥ 2019 ላይ እዚያው ይቆማል። በሁለቱም ጊዜ ያንቺን ማርስና የእሷን ሳተርን እኩል በ90 ይመታል። በነዚያ ሳምንታት ብድር አትፈርሙ፣ አዲስ ምድጃም አታንሱ። የሁለቱ ፊርማና የሳምንቱ መልስ ጉዳይ ግን ከዚያ በፊት ወረቀት ላይ ይኑር።