ኤክሴል ላይ ሰዓት ሲቀነስ ሴሉ በ# ለምን ይሞላል? ጥያቄና መልስ

የሌሊት ፈረቃ፦ ሠራተኛው 22:00 ገብቶ 06:00 ይወጣል። መውጫውን ከመግቢያው ጋር ሳቀናንስ ሴሉ በ# ተሞላ። ምን ይሻላል?

መላሽ፦ ለኤክሴል ሰዓት ማለት የአንድ ቀን ክፍልፋይ ነው። 22:00 ለእሱ 0.9167 ገደማ ነው፤ 06:00 ደግሞ 0.25። ቀን ስላልጻፍክለት 06:00 የማግስቱ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ውጤቱ -0.6667 ይሆናል። ቁጥሩ ሴሉ ውስጥ አለ፤ ፎርማቱን ወደ General ቀይርና ታየዋለህ። ኤክሴል ግን ከዜሮ በታች የሆነን ቁጥር በሰዓት መልክ ማሳየት ስለማይችል ሴሉን በ# ይሞላዋል።

A2 መግቢያ፣ B2 መውጫ ከሆነ ይህን ጻፍ፦

```
=MOD(B2-A2,1)
```

MOD እዚህ የሚሠራው ቀላል ነው። ውጤቱ ከዜሮ በታች ሲሆን አንድ ቀን ይጨምርበታል። -0.6667 ላይ 1 ሲደመር 0.3333 ይመጣል፤ በ24 ስታባዛው 8 ሰዓት ነው። ከ08:00 እስከ 17:00 የሠራውን ግን አይነካውም፣ 9 ሰዓት እንደሆነ ይቀራል። ለቀንም ለሌሊትም ፈረቃ አንድ ፎርሙላ ይበቃሃል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ MOD 24 ሰዓት ለማይሞላ ፈረቃ ብቻ ነው፤ ሙሉ ቀንን ይጥላል።

ሒሳብ ክፍል፦ ይህን ያህል ምን ያስፈልጋል? ኮለሙን ማስፋት ብቻ ነው። እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው።

መላሽ፦ ያ ቁጥሩ በኮለሙ አልበቃ ሲል ነው። ኮለሙን ስታሰፋው #ም አብሮ ከሰፋ፣ ችግሩ ስፋት አይደለም።

ባለ ማክ፦ File > Options > Advanced ገብታችሁ Use 1904 date system የሚለውን ምረጡ። -16:00 ብሎ ያሳያችኋል፣ # የለም።

መላሽ፦ እባካችሁ ይህን ምክር አትከተሉ። ሠራተኛው የሠራው 8 ሰዓት ነው፤ -16:00 ለደመወዝ ምን ይረባል? ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ፋይሉ ውስጥ ያሉት ቀኖች በሙሉ 1462 ቀን ወደፊት ይሄዳሉ። አራት ዓመት ከአንድ ቀን ነው! የውል ቀን ወይም የልደት ቀን ያለበት ፋይል ላይ ይህን የነካ ሰው ጉዱን የሚያየው ዘግይቶ ነው።

ባለ ማክ፦ በባዶ ፋይል ብጀምርስ? እኔ የምፈልገው የጎደለውን ሰዓት ነው። 8 ሰዓት የሚጠበቅበት ሰው 7:30 ከሠራ -0:30 እንዲል።

መላሽ፦ በባዶ ፋይል ይሠራል። ከሌላ ፋይል ቀን ኮፒ ስታደርግ ግን ያው 1462 ቀን ይከተልሃል። እኔ ልዩነቱን በ24 አባዝቼ ፎርማቱን Number አደርገዋለሁ፤ -0.5 ይላል፣ መደመርም ይቻላል።

ሒሳብ ክፍል፦ -0.5 ብለን ለሠራተኛ ብንሰጠው ግማሽ ሰዓት መሆኑ አይገባውም። እኔም በዚህ ከባለ ማክ ጋር ነኝ።

መላሽ፦ እኔ አልስማማም። ቀጣይ ጥያቄ።

አዲስ ገቢ፦ ፎርሙላው አልሠራልኝም።

መላሽ፦ ምን ጻፍክ? ምን አሳየህ? ሳታሳየኝ ምን ብዬ ልመልስ?

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ። የእረፍቱን ደቂቃ C2 ላይ አድርጌ =MOD(B2-A2,1)-C2 አልኩ። እንደገና # መጣ። C2 ላይ ያለው 30 ነው።

መላሽ፦ አሁን ገባኝ። 30 ብለህ ስትጽፍ ኤክሴል 30 ቀን ብሎ ነው የሚያነበው። ከ8 ሰዓት ላይ 30 ቀን ቀነስክ። አንድ ቀን 1440 ደቂቃ ስለሆነ ለዚያ አካፍለው፦

```
=MOD(B2-A2,1)-C2/1440
```

7:30 ይመጣል።

የሌሊት ፈረቃ፦ MODው ሠርቷል፣ ተባረክ። የ5 ሌሊት ድምር ግን 40 መሆን ሲገባው 16:00 ይላል።

መላሽ፦ የድምሩን ፎርማት [h]:mm አድርገው።

ተረኛ፦ እኛ ጋ 08:00 ገብቶ በማግስቱ 08:00 የሚወጣ አለ። በMOD 0:00 ሆነ።

መላሽ፦ ከላይ ብያለሁ፣ እደግመዋለሁ። MOD ሙሉ ቀንን ይጥላል። 24 ሰዓት 0 ይሆናል፣ 32 ሰዓት ደግሞ 8። በጣም የምፈራው ሁለተኛውን ነው፤ # ስለሌለ ማንም አይጠረጥረውም። ፈረቃው 24 ሰዓት የሚሞላ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን አንድ ሴል ላይ ጻፉና ያለ MOD ቀንሱ። ፎርማቱ እዚህም [h]:mm ነው።

ተረኛ፦ እስካሁን ያስገባሁት ሁሉ ቀን የለውም። በፎርሙላ ይስተካከላል?

መላሽ፦ አይስተካከልም። 08:00 እና 08:00 ብቻ ከተጻፈ፣ ሰውዬው አልሠራም ወይስ ሙሉ ቀን ሠራ የሚለውን ከሴሉ ማወቅ አይቻልም። የተረኞችን መዝገብ እያየህ ቀኑን በእጅህ መጨመር አለብህ። መግቢያና መውጫው እኩል ከሆነባቸው ጀምር። ከዚያ በፈረቃው ከ24 ሰዓት በላይ የሚቆዩትን አንድ በአንድ እይ፤ እነሱን # አይጠቁምህም።