ዐይኑ «ዐ» እና የፖድካስቱ ስም

ጥያቄ፦ «የታሪክና የትረካ ፖድካስት ጀምሬ ስሙን “ዐውደ ትረካ” አልኩት። ጓደኞቼ በስልካቸው ቢፈልጉት አጡት። ፊደሉን ልቀይር ወይስ ስሙን?»

ጓደኞችዎ የጻፉት «አውደ ትረካ» ብለው ይመስለኛል። ለጆሮ ልዩነት የለውም። ለማሽን ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ «አ» U+12A0 ነው፣ «ዐ» ደግሞ U+12D0። «ዓ» እና «ኣ»ም በአማርኛ ድምፃቸው ያው ስለሆነ፣ ስምዎ አራት መልክ አለው ማለት ነው። አንዳንዱ ፍለጋ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ አንዳንዱ ግን የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚያመጣው። አራቱንም በየተራ በሌላ ሰው ስልክ ይሞክሩ፤ የትኛው እንደሚጠፋ ወዲያው ያያሉ።

«ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱና እንገላገል» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። «ዐውድ» የመጣው ከግእዙ «ዖደ» ነው፤ ዞረ ማለት ነው። በሬ የሚዞርበት ዐውድማ፣ እየዞረ የሚለፍፈው ዐዋዲ፣ የሚለፈፈው ዐዋጅ፣ ሁሉም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በአልፉ «አ» ስንጽፋቸው ይህ ዝምድና ከዐይን ይሰወራል። ለትረካ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም፤ ሰው ከቦ የሚሰማበት ቦታ ነውና።

ሁለተኛው ቃል ግን ችግር የለበትም። «ትረካ» ከ«ተረከ»፣ «ተረከ»ም ከ«ታሪክ» ነው። «ታሪክ» ከዐረብኛ ገብቶ ነው፤ ሥሩን ብንከተለው ከግእዙ «ወርኅ»፣ ማለትም ከእኛው «ወር» ጋር ይገናኛል። ዘመን መቁጠር ነው ነገሩ። ትን፣ ረን፣ ካን የሚመስል ሌላ ፊደል ስለሌለ ማንም አያሳስተውም።

ስለዚህ ስሙን አይቀይሩ። በሽፋኑ ሥዕል ላይ «ዐውደ ትረካ» ብለው በኩራት ይጻፉ፤ ፍለጋው በሥዕል ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነብልኛል ብለው ግን አይተማመኑ። በርእሱ ሳጥን ውስጥ «አውደ ትረካ» ይሁን። ይህን ስጽፍ እጄ እየከበደኝ ነው፤ ግን ብዙው ሰው የሚጽፈው እንዲያ ነው፣ ርእሱም ለፈላጊው ነው። «ዐውደ» እና «ዓውደ» የሚሉትን፣ በላቲን የሚጽፉም ስላሉ Awde Tereka የሚለውን፣ በመግለጫው ውስጥ በተፈጥሯዊ ዐረፍተ ነገር አንድ አንድ ጊዜ ያስገቡ። ሁሉንም ርእሱ ላይ አይደርድሩ። አፕል ፖድካስትስ በቃላት የታጨቀ ርእስ አይቀበልም፤ አድማጭንም ያስቀይማል።

ገና ያልጀመረ ሰው ቢጠይቀኝ ግን፣ እንደ «የታሪክ ክር» ያለ አንድም ሞክሼ የሌለበት ስም እመርጥለት ነበር። «የታሪክ ትረካ» ብቻ ቢል ደግሞ ፊደሉ ንጹሕ ሆኖ፣ ተመሳሳይ ስም ካላቸው መሐል ይጠፋል።