የዱቤ ደብተሩ ከፊት ይቅደም

«ጋሼ፣ ከጓደኛዬ ጋር ለባለሱቆች የዱቤ መመዝገቢያ የስልክ መተግበሪያ ሠርተናል። እዚህ ድሬዳዋ ለ23 ሱቆች ሰጥተን 11ዱ በየቀኑ ይጠቀሙበታል፤ ሦስቱ በወር 200 ብር ይከፍላሉ። ለባለሀብቶች የምናቀርበው 10 ገጽ በራዕያችን ይጀምርና ስለ እኛ፣ ስለ አገሪቱ ገበያ፣ ስለ ቴክኖሎጂው ይቀጥላል፤ መተግበሪያው 7ኛው ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው?» ከሳቢያን

ልጄ፣ አይደለም። ባለሀብቱ ስድስት ገጽ ሙሉ «ለመሆኑ የሠሩት ምንድን ነው?» እያለ ይቀመጣል፤ የምትናገሪውን ግማሹን አይሰማሽም።

የመጀመሪያው ገጽ አንድ ባለሱቅ ይሁን። ቀፊራ ገበያ ውስጥ መተግበሪያውን ከሚጠቀሙት አንዱን ፈቃድ ጠይቂና የድሮ ደብተሩን ፎቶ አንሺ፤ የደንበኞቹ ስም ግን እንዳይነበብ ሸፍኚው። የተሰረዘው፣ የተደራረበው፣ ዘይት የነካው ገጽ ችግሩን ከማንኛውም ገለጻ በላይ ያሳያል። ከዚያ ወዲያው ያው ዱቤ በስልኩ ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ በሦስት ምስል አሳዪ። በቀጥታ ከስልክ ለማሳየት አትሞክሪ፤ ኔትወርኩ የሚጠፋው ያን ዕለት ነው።

ሦስተኛው ገጽ ማስረጃችሁ ነው፤ ብዙ ልፋት የሚገባውም እሱ ነው። «23 ሱቆች» ብለሽ ብቻ አትለፊ። 23፣ 11 እና 3ን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው፤ በወር የምታገኙት 600 ብር መሆኑንም ራስሽ ተናገሪ። የቀሩት 12 ሱቆች ለምን በየቀኑ እንደማይጠቀሙበት ሳታውቂ ግን አትቅረቢ፤ ከማቅረብሽ በፊት ሄደሽ ጠይቂያቸው። ምናልባት ባለቤቱ ስልኩን ይዞ ሲወጣ ሱቅ የሚጠብቀው ልጅ ወደ ደብተሩ ተመልሶ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ቀጥሎ የምትሠሩት ነገር ታወቀ ማለት ነው፤ ምክንያቱን ያወቃችሁት ድክመት ከተደበቀ ድክመት ይሻላል።

ገበያው ከዚህ በኋላ ይምጣ። የአገሪቱን ሕዝብ ቁጥር ከገጹ ሰርዢው። በሁለት ቀበሌ ዱቤ የሚሰጡ ሱቆችን በእግራችሁ ቆጥራችሁ በ200 ብር አባዙት፤ ቁጥሩ ያንሳል፣ ግን ከየት እንደመጣ ቢጠየቅ መልስ አለሽ። ተወዳዳሪን በተመለከተ «የለንም» አትበይ። ደብተሩ አለ፤ ዋጋውም ከእናንተ ይረክሳል።

ስለ ራሳችሁ አንድ አጭር ገጽ ወደ መጨረሻው ይበቃል። ምንም ተጠቃሚ ባይኖራችሁ ኖሮ ወደ ፊት አምጪው እል ነበር፤ ያን ጊዜ ባለሀብቱ የሚመዝነው ሌላ ነገር አይኖረውምና። የቴክኖሎጂውን ገጽ ከመደምደሚያው በኋላ ለጥያቄ አስቀምጪው።

መዝጊያው የምትጠይቁት ገንዘብ ነው። «600,000 ብር እንፈልጋለን» ማለት አይበቃም። «በዚህ ገንዘብ 12 ወር ሠርተን ከፋዮቹን ከ3 ወደ 100 እናደርሳለን» በይና ምን ያህሉ ለደመወዝ፣ ምን ያህሉ ሱቅ ለሱቅ ለሚዞረው ሠራተኛ እንደሚውል አሳዪ።

ስትጨርሺ ጉዳዩን ለማያውቅ ነጋዴ አቅርቢለትና የመጀመሪያ ጥያቄውን ጻፊ። መልሱ ከኋላ ባለ ገጽ ላይ ካለ፣ ያን ገጽ ወደ ፊት አምጪው።