በ20 ሄዶ በ60 መመለስ ለምን 40 አይሆንም?

ተማሪ፣ ለገጣፎ፦ መምህር፣ አባዬ ጠዋት ወደ ከተማ ሲገባ መንገዱ ተዘጋግቶ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ማታ በዚያው መንገድ በ60 ይመለሳል። አማካዩን 40 ብዬ ብመልስ ኤክስ ተደረገብኝ።

አይዞሽ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አማካይ ፍጥነት የሚገኘው ጠቅላላ መንገዱ ለጠቅላላ ጊዜው ሲካፈል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጊዜውን እናውጣ። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በ20 ሲሄድ አንዷ ኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ትፈጅበታለች፤ 12ቱ 36 ደቂቃ። በ60 ሲመለስ በደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ 12 ደቂቃ። በድምሩ 24 ኪሎ ሜትር በ48 ደቂቃ ሄደ። ይህ በሰዓት 30 ነው።

አሁን 36ንና 12ን ጎን ለጎን እያቸው። አባትሽ በዝግታው ላይ የቆየው በፍጥነቱ ላይ ከቆየው 3 እጥፍ ነው። አንቺ 40 ስትዪ ሁለቱን እኩል ቆጠርሻቸው። 20ን ሦስት ጊዜ፣ 60ን አንድ ጊዜ ጽፈሽ ደምሪና ለ4 አካፍዪ፤ 30 ይመጣልሻል። በ12 ፈንታ 7 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ብትወስጂም መልሱ ያው ነው። እቤት ቁጭ ብለሽ ሞክሪው።

ሹፌር፣ ሰበታ፦ እኔ ሚኒባስ ነው የምሠራው። ስሄድ ትራፊክ ይዞኝ በ30 ከሄድኩ፣ ስመለስ 90 ብነዳ አማካዬ 60 ይገባልኛል። መንገዱ በየአቅጣጫው 15 ኪሎ ሜትር ነው።

ወንድሜ፣ አይገባም። 15 ኪሎ ሜትር በ30 ስትሄድ ግማሽ ሰዓት አለቀ። ደርሶ መልሱ 30 ኪሎ ሜትር ነው። አማካይህ 60 እንዲሆን ደግሞ ደርሶ መልሱ በግማሽ ሰዓት ማለቅ ነበረበት። ጊዜህን ሁሉ ገና ስትሄድ ጨርሰኸዋል፤ ለመመለሻ አንዲት ሰከንድ አልቀረችህም።

በ90 ብትመለስ 10 ደቂቃ ይፈጅብሃል፣ አማካይህ 45 ይሆናል። በ120 ብትበር እንኳ 48 ነው። ከ90 ወደ 120 ስትወጣ የምታተርፈው ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። ለእሷ ብለህ ተሳፋሪ ይዘህ እንዳትበር፣ አደራ።

ተመራቂ፣ ቡራዩ፦ ለምን ታስረዝመዋለህ? የመሄጃውን ፍጥነት a፣ የመመለሻውን b ካልነው ቀመሩ 2ab/(a+b) ነው፣ ሁልጊዜ ይሠራል።

ለተማሪዋ ጥያቄ ልክ ነህ። «ሁልጊዜ» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ቀመሩ የሚሠራው ሁለቱ መንገዶች እኩል ሲሆኑ ነው። አንድ ሰው አንድ ሰዓት በ20፣ አንድ ሰዓት በ60 ቢነዳ 80 ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ሄደ፤ አማካዩ ያ ተራው 40 ነው። ፈተና ላይ «ግማሹን መንገድ» ይላል ወይስ «ግማሹን ጊዜ»? ቀመሩን ከመጻፍህ በፊት እሷን ቃል ፈልጋት።

አስተያየት ሰጪ፣ ገላን፦ ተመልሶ ቤቱ ከገባ አማካይ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። እኛ እንደዚያ ነው የተማርነው።

እርስዎ የሚሉት ቬሎሲቲን ነው። እሱ አቅጣጫ ይቆጥራል፣ መነሻና መድረሻ አንድ ከሆኑ በእርግጥ ዜሮ ነው። ተማሪዋ የጠየቀችው ስፒድን ነው። በአማርኛ ሁለቱንም ፍጥነት ስለምንላቸው ነው የሚምታታው።

ሯጭ፣ ሱሉልታ፦ እኔ 5 ኪሎ ሜትር ሄጄ 5 ነው የምመለስ። ስሄድ አንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ፣ ስመለስ ደክሞኝ በ5። አሠልጣኜ ደምሮ ለሁለት አካፍሎ 4 ከ30 ይለኛል። ተሳስቷል ማለት ነው?

አልተሳሳተም! ጥያቄሽን በጣም ወደድኩት። እናንተ የምትቆጥሩት ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጀውን ጊዜ ነው። ኪሎ ሜትሮቹ እኩል ስለሆኑ ጊዜያቸው እንዲሁ ይደመራል፦ 20 ደቂቃና 25 ደቂቃ፣ 45 ደቂቃ ለ10 ኪሎ ሜትር። ያው 4 ከ30 ነው። ወደ ፍጥነት ከገለበጥሽው ግን 15 እና 12 ይሆናል፤ እነሱን ደምረሽ ብታካፍዪ 13.5 ይሰጥሻል። እውነተኛው 13.3 ገደማ ነው። ልዩነቱ ያነሰው ሁለቱ ፍጥነቶች ስለተቀራረቡ ነው። እንደ 20 እና 60 ሲራራቁ ነው ስህተቱ የሚያፈጥጠው።

ተማሪዋ እንደገና፦ መምህር፣ የአባዬ ስልክ ላይ ያለው አፕ ግን ለዛሬው ጉዞ 34 ነው የሚለው። ማን ልክ ነው?

አፑን ሳላይ መፍረድ አልችልም። ምናልባት መብራት ላይ የቆመበትን ጊዜ አውጥቶ የሄደበትን ብቻ ቆጥሮ ይሆናል። ወይም አባትሽ ዛሬ በትክክል በ20ና በ60 አልሄደም። ነገ ሲነሳና ሲደርስ ሰዓቱን ይጻፍልሽ፣ ኪሎ ሜትሩንም ከመኪናው ላይ አንብቢ፤ ከዚያ አምጪውና አብረን እናስላው።