የሳምንቱን ቁርጥራጭ መልእክት ወደ አንድ ኢሜይል ማምጣት

ጥያቄ፦ «የቡድን መሪያችን ሳምንቱን ሙሉ በቴሌግራም ሁለት ሦስት ቃል ብቻ እየጻፉ ይልኩልኛል። ዓርብ ከሰዓት ግን ይህንኑ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት በአንድ ኢሜይል እንድገልጽ ታዝዣለሁ። ከየት ልጀምር?»

ደብረ ማርቆስ ሆኜ፣ በየወረዳው የኔትወርክ ኬብል ለሚዘረጋ ቡድን ተመሳሳይ ኢሜይል ስለምጽፍ ከዚያው ልምድ ልመልስልዎ። መልእክቶቹን በመጡበት ቅደም ተከተል አይገልብጡ። የሚያነቡት ኃላፊ ሥራው ዛሬ የት እንደደረሰ እንጂ ሰኞ የት እንደነበረ አይፈልጉም፤ ስለዚህ በየጉዳዩ ሰብስበው የእያንዳንዱን የመጨረሻ ሁኔታ ይያዙ።

መልእክቶቹ እንዲህ ናቸው እንበል፦ ሰኞ «ኬብል የለም»፤ ማክሰኞ «ሉማሜ 8 መስመር፣ ባለን ጀመርን»፤ ረቡዕ «ኬብል ምን ሆነ? ሰው ቁጭ ብሏል»፤ ሐሙስ «ነገ ይገባል ተባለ»፤ ዓርብ «2 ካርቶን ገባ። ሉማሜ አለቀ። ደጀን ሰኞ፣ ቁልፍ ካገኘን»።

ስለ ኬብሉ ከተጻፈው ውስጥ የሚቀረው የዓርቡ ነው። የረቡዕ ቁጣ ኢሜይሉ ውስጥ አይገባም፤ ያስከተለው መዘግየት ግን ሊደበቅ ስለማይገባው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ማንንም ሳይወቅስ ይገለጻል።

ብዙ ጥንቃቄ የሚሹት «አለቀ» እና «ካገኘን» ናቸው። ኬብሉ ተዘርግቶ ሳይፈተሽም «አለቀ» ሊባል ስለሚችል፣ ከመላክዎ በፊት መሪዎን በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ «ከ8ቱ ስንቱ ተፈተሸ?» «6» ካሉ፣ የሚጻፈው 6 ነው። «ካገኘን» የሚለውን ጥለው «ሰኞ ይጀመራል» ብለው ከጻፉ ደግሞ መሪዎ ያልገቡትን ቃል አስገቧቸው ማለት ነው። ቅድመ ሁኔታውን ወደ ጥያቄ ይለውጡት፤ ጥያቄውም በርእሱ ላይ ይታይ።

ርእስ፦ የሉማሜና የደጀን ኔትወርክ ዝርጋታ፤ ለሰኞ የክፍል ቁልፍ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ፣
በሉማሜ የ8ቱም መስመሮች ዝርጋታ ተጠናቋል፤ 6ቱ ተፈትሸው በትክክል እየሠሩ ሲሆን ቀሪዎቹ 2 ነገ ቅዳሜ ይፈተሻሉ። ኬብሉ ዛሬ በመድረሱ፣ የደጀን ሥራ ወደ ሰኞ ተዛውሯል። ለመጀመር የሚያስፈልገን ክፍሉን ሰኞ ከጠዋቱ 2፡30 የሚከፍትልን ሰው በመሆኑ፣ ስሙንና ስልኩን ዛሬ እስከ 11 ሰዓት እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።
ከሰላምታ ጋር

የቅዳሜውን ፍተሻም መሪዎ ካረጋገጡልዎ ብቻ ይጻፉት። «2 ካርቶን» የሚለውን ያስቀረሁት ለአንባቢው ምንም ስለማይነግረው ነው፤ መጠኑ ከተፈለገ በሜትር ይጻፍ፤ የተለመደው ካርቶን 305 ሜትር ይይዛል። መሪዎንም በግልባጭ ያስገቧቸው፤ መልሱ ሲመጣ ቁልፉን የሚቀበሉት እርሳቸው ናቸውና።