ጠዋትና ማታ ፔኒሲሊን፣ በቀን አንዴ ፎሊክ አሲድ፦ ሲክል ሴል ላለባቸው ልጆች ወላጆች ጥያቄና መልስ

እዚህ አሜሪካ በሕፃናት የደም ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ጥያቄዎቻችሁን እንደመጡ እመልሳለሁ። የምጠቅሰው መጠን ኤስኤስ ዓይነት ላለባቸው፣ ማለትም የሲክል ሴልን ዘር ከእናትም ከአባትም ለወረሱ ልጆች፣ እዚህ አገር የተለመደው ነው። የልጃችሁ ሐኪም የተለየ ካዘዘ የእሱን ያዙ።

«ልጄ 10 ወሯ ነው። ታማ አታውቅም። ለምንድን ነው በየቀኑ አንቲባዮቲክ የማጠጣት? አንጀቷ አይጎዳም?»

ችግሩ ያለው ጣፊያዋ ላይ ነው። ደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ የሚያጣራው ጣፊያ ነው። በእነዚህ ልጆች ላይ ማጭድ የሚመስሉት ቀይ የደም ሴሎች ገና በመጀመሪያው ዓመት ጣፊያውን መድፈን ይጀምራሉ። ልጅቷ ግን ትስቃለች፣ ትድሃለች፤ ከውጭ ምንም አይታይም። በዚህ መሃል ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ደሟ ውስጥ ከገባ፣ ጠዋት ደህና የነበረች ልጅ ማታ ልትሞት ትችላለች።

በ1986 እዚሁ አሜሪካ የወጣ ጥናት ነበር። 215 ሕፃናት ነበሩበት። ገሚሱ በቀን ሁለቴ ፔኒሲሊን ወሰዱ፣ ገሚሱ ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን። ከፔኒሲሊኖቹ 2 ልጆች፣ ከሌሎቹ 13 በዚህ ባክቴሪያ ታመሙ። ከሌሎቹ ሦስቱ ሞቱ። ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ቆመ።

አንጀቷን በተመለከተ አንዳንድ ልጅ ሰገራው ይላላል። ሽፍታ ካወጣች ወይም ፊቷ ካበጠ ግን ማቆምና ወዲያው መደወል ነው። ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት ልጅ ኤሪትሮማይሲን ይታዘዛል።

«ፋርማሲው ትልቅ ጠርሙስ ሰጠኝ። ወር ሙሉ ይበቃኛል አይደል?»

አይበቃም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሽሮፑ ዱቄት ሆኖ ይመጣል፤ ፋርማሲው በውሃ ይበጠብጠዋል። ከተበጠበጠ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ 14 ቀን ነው የሚቆየው። ከዚያ በኋላ ጣዕሙም ሽታውም ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል።

እስቲ እናስላው። ከ2 ወር እስከ 3 ዓመት 125 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ነው። ጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊሊትር 125 ሚሊግራም» የሚል ከሆነ በቀን 10 ሚሊሊትር ይሄዳል። የ100ው ጠርሙስ በ10 ቀን ያልቃል። ከ200ው በ14 ቀን 140 ትጠቀሚያለሽ፣ የተረፈውን 60 ትደፊያለሽ። አንጀት ይበላል፣ አውቃለሁ። ግን ድፊው።

አንድ ዘዴ አለ። ሁለት ጠርሙስ ስትወስጂ ሁለተኛውን ሳይበጠበጥ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ስንት ውሃ እንደሚገባበት ይጻፉልሽ። የተበጠበጠበትን ቀን በማርከር ጠርሙሱ ላይ ጻፊ። ለአያትም ለሞግዚትም ያ ቀን መታየት አለበት።

«ልጄ 3 ዓመት ሞላው። መጠኑ እጥፍ ሆነ ተባልኩ። 10 ሚሊሊትር ልስጠው?»

ጠርሙሱን ሳታዪ አይሆንም። አዎ፣ ከ3 ዓመት ጀምሮ 250 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ነው። ግን አዲሱ ጠርሙስ «በ5 ሚሊሊትር 250» ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሲሪንጁ ላይ ያው የድሮው 5 መስመር ነው። አንዲት እናት እጥፍ የሚለውን ሰምታ የአዲሱን 10 ስትሰጥ ሰንብታ ነበር። ልጁ ተቅማጥ ያዘው እንጂ ሌላ አልሆነም። ከዚህ የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው፤ ፋርማሲው የድሮውን ቀጭኑን ሰጥቶ እናት 5 ብቻ የምትሰጥበት። ልጁ ግማሽ መጠን ነው የሚወስደው፣ ማንም ደግሞ አያውቅም።

በሻይ ማንኪያም አትለኩ፤ የየቤቱ ማንኪያ ይለያያል።

«ለንደን ያለችው እህቴ ልጇ 4 ዓመቱ ነው፤ 125 ነው የሚሰጡት። ተሳስተዋል ማለት ነው?»

አልተሳሳቱም። የእንግሊዝ መመሪያ እስከ 1 ዓመት 62.5፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 125፣ ከዚያ በላይ 250 ነው፤ ሁሉም በቀን ሁለቴ። ማቆሚያውም ይለያያል። እዚህ ብዙ ክሊኒክ በ5 ዓመት ያቆማል። ከባድ የኒሞኮከስ በሽታ የያዘው ወይም ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣ ልጅ ይቀጥላል። ክትባቱ ሳይሟላም አይቆምም። እኔ ራሴ «በ5 ማቆም ልክ ነው» ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

«የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፣ ለልብ። ለምን ልጆቻችሁን በየቀኑ ታስጨንቃላችሁ?»

የእሷ ቤንዛታይን የሚባለው የፔኒሲሊን ዓይነት ነው። የጉሮሮ ባክቴሪያ ተመልሶ ልቧን እንዳይጎዳ የሚሰጥ ነው። የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ቢሆንም የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው። በየቀኑ ማጠጣት በማይቻልበት ቦታ ለሲክል ሴልም መርፌውን የሚሰጡ ሐኪሞች አሉ። ስለዚህ ከሐኪም ጋር የምታነሱት አማራጭ ነው፤ በራስ የሚቀየር ግን አይደለም።

«ክረምት ጎንደር ልንሄድ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ፍሪጁን ምን ላድርገው?»

ሽሮፑን ተወው። ሐኪሙ የ250 ሚሊግራም ክኒን ይጻፍልህ። ለ3 ዓመት ልጅ አንድ፣ ከዚያ በታች ላለ ግማሽ። በሁለት ማንኪያ መሃል ፈጭተህ በጥቂት እርጎ ወይም ማር ትሰጠዋለህ። ማር ከ1 ዓመት በላይ ላለ ብቻ። ይመራል፣ ስለዚህ ጥቂት ላይ አድርገውና አንዴ ይዋጠው። ሙሉ ሳህን ገንፎ ላይ ከበተንከው ግማሹ ሳህኑ ላይ ይቀራል። ስለ ወባ መከላከያም ከመሄድህ በፊት ጠይቅ።

«ፎሊክ አሲድ ሕመሙን ይከላከላል፤ እኔ በሱ ላይ ብረትም እሰጠዋለሁ። ለሌሎቹም እመክራለሁ።»

ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነህ። የእነዚህ ልጆች ቀይ የደም ሴል ከ10 እስከ 20 ቀን ነው የሚኖረው፤ የሌላው ሰው 120 ቀን ያህል። ስለዚህ መቅኒው ሁልጊዜ አዲስ ይሠራል፣ ለዚያም ፎሊክ አሲድ ይፈልጋል። እዚህ የተለመደው በቀን 1 ሚሊግራም ነው፤ ለጨቅላ ያንሳል። የአጥንት ሕመሙን ያስቀራል የሚል በቂ ማስረጃ ግን የለም። እዚህ ከ1998 ጀምሮ ዱቄት ላይ ስለሚጨመር ማዘዝ የተዉ ሐኪሞች አሉ። ሌሎች «አይጎዳም» ብለው ይቀጥላሉ። በአንድ ቀን ሁለቱንም መስጠት ካቃታችሁ ፔኒሲሊኑ ይቅደም።

ብረቱን ግን አቁም፣ ሐኪሙንም ንገረው። ከፈረሰው ሴል የሚወጣው ብረት ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ደም በተሰጠው ልጅ ላይ ደግሞ ይጠራቀማል። ሳይመረመር አይሰጥም።

«ልጄ ኤኤስ ናት ተባልኩ። እኔም ፔኒሲሊን ልጀምርላት?»

አያስፈልጋትም። ያ ተሸካሚ ማለት ነው፤ ጣፊያዋ ይሠራል።

«የጠዋቱን ረሳሁት። ማታ ሁለቱንም ልስጠው?»

አትደርቢ። ቀን ላይ ካስታወስሽ ያኔውኑ ስጪ። የማታው ሰዓት ከደረሰ የማታውን ብቻ።

«ትናንት ማታ ልጄ 101.8 ነበራት። ፔኒሲሊኗን ሰጠኋት፣ ታይለኖልም። ዛሬ ወርዷል፣ ትጫወታለች። ሰኞ ቀጠሮ አላት፣ ልጠብቅ?»

አትጠብቂ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። 101.3 ፋራናይት፣ ማለትም 38.5 ሴልሺየስ፣ ከደረሰ ወዲያው መታየት አለባት፤ የወረደው ታይለኖሉ ነው። ፔኒሲሊኗ የሚያመልጡት ባክቴሪያዎች አሉ። ገና በር ላይ «ሲክል ሴል አለባት፣ ትኩሳት ነበራት» በያቸው። ባክቴሪያ እንዳለበት ለማየት ደሟን ለካልቸር ምርመራ ወስደው በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይሰጧታል። ጠርሙሱንም ይዘሽ ሂጂ፣ ይጠይቁሻል።